ከ12 ቮልት ባትሪ 220 ለማውጣት ትራንስፎርመር ገልብጬ አገናኘሁ፤ ለምን ዜሮ አነበበ?

ናቲ_ሶላር

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሮጌ አምፕሊፋየር የወጣ ቀለበት ቅርጽ ያለው ትራንስፎርመር አለኝ። ላዩ ላይ 220 ቮልት ገቢ፣ 12 ቮልት ወጪ፣ 50 ቪኤ ይላል። ግድግዳ ላይ ስሰካው ጥሩ ይሠራል። ምንም ነገር ሳላገናኝበት ስለካው ግን 12 ሳይሆን 13 ቮልት ነው የሚያሳየኝ።

ገጠር ቤተሰቦቼ ጋ ከሶላር የሚሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። ሐሳቤ ቀላል ነው። 220ን ወደ 12 የሚያወርድ ከሆነ፣ በ12ቱ በኩል ባትሪውን ብሰጠው በወዲያኛው በኩል 220 ይወጣል ብዬ አገናኘሁት። ገመዱ ገና ሲነካ ብልጭ አለ። በ220ው በኩል ያደረግሁት ቴስተር ዜሮ ነው የሚያነበው። ወዲያው ሽቦው ጋለ፣ የቫርኒሽ ሽታ መጣ፣ ነቀልኩት።

ያልገባኝ ሁለት ነገር ነው። የሽቦው ዙር ከተገለበጠም ያው ከሆነ ለምን አይሠራም? ደግሞስ 12 ቮልት የለመደ ሽቦ በ12 ቮልት ለምን ይቃጠላል?

---

አቤል_ኤሌክትሪክ

ናቲ፣ ትራንስፎርመር በኤሲ ብቻ ነው የሚሠራው። ባትሪ ዲሲ ነው፣ እንደ ግድግዳው ኤሲ አቅጣጫውን አይቀያይርም። ዲሲ ማግኔት አይፈጥርም፣ ስለዚህ ወደ ሌላው ጥቅልል የሚሻገር ነገር የለም። ኢንቨርተር ግዛና ተገላገል።

---

መምህርት_ፊዚክስ

አቤል፣ የመጀመሪያው ልክ ነው፤ ሁለተኛው ግን አይደለም። ዲሲ ማግኔት ይፈጥራል። የመኪና ሞተር ማስነሻውን ሶሌኖይድ የሚስበው ያው የባትሪ ዲሲ አይደል? ናቲ ባትሪውን ሲያገናኝ በዚያ ብረት ውስጥ የነበረው ማግኔት ግድግዳ ላይ ሲሰካ ከሚኖረው ይበልጥ ነበር እንጂ አያንስም።

የጠፋው ማግኔቱ አይደለም፣ የማግኔቱ *መለወጥ* ነው። ሁለተኛው ጥቅልል ላይ ቮልቴጅ የሚወለደው በውስጡ የሚያልፈው ማግኔት ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ብቻ ነው። ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ባለበት ከቆመ ቮልቴጁ ዜሮ ነው።

ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያየው ይህንኑ ነው። በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅልል ጠመጠመ፣ አንዱን ከባትሪ፣ ሌላውን ከመለኪያ ጋር አገናኘ። ቀስቱ ባትሪው ሲገናኝ ዘለለና ተመለሰ። ሲነቀል ደግሞ በተቃራኒው ዘለለ። በመሀሉ፣ ባትሪው እንደተገናኘ እያለ፣ ዝም። ናቲ እጁ ላይ ያለው ዕቃ ሳይቀር ቀለበት ነው፣ ያንኑ ሙከራ ነው የደገመው።

ተማሪዎቼን ይህን የማሳያቸው በአንድ ባትሪ ድንጋይና በባለ ቀስት ቴስተር ነው። ድንጋዩን በ220ው በኩል፣ ቴስተሩን በ12ቱ በኩል አደርጋለሁ። ዲጂታል ቴስተር ቀርፋፋ ስለሆነ ዝላዩን አይዝም። ናቲም ዜሮ ብቻ ያነበበው ለዚህ ይመስለኛል። ድንጋዩን ስትነቅሉ ባዶውን ሽቦ በጣት እንዳትይዙ። ማግኔቱ በአንዴ ሲወድቅ በ1.5 ቮልትም ቢሆን ይነዝራል።

---

መኪና_ሐኪም

እኔ ግን ከሥራዬ ጋር አልገጥም አለኝ። የቤንዚን መኪና ላይ ቦቢና አለ። ቦቢና ሁለት ጥቅልል ያለው ትራንስፎርመር ነው፣ የሚገባው የባትሪ 12 ቮልት ነው፣ በካንዴላው የሚወጣው ግን ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነው። ታዲያ ዲሲ አይሠራም እንዴት ትላላችሁ? የናቲ ችግር ሌላ ነው፣ ምናልባት የዙሩ ልዩነት አንሶበት ይሆናል።

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

እንደምን ዋላችሁ። ጥምጠማ ሥራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መኪና ሐኪም፣ ምሳሌህ ጥሩ ነው፤ የምትፈልገው መልስም እዚያው ውስጥ አለ። ድሮ ፑንቲና የሚባለው ምን ነበር የሚሠራው? የቦቢናውን 12 ቮልት ይቆርጠዋል። ካንዴላው የሚተኩሰው ፑንቲናው *ሲከፈት* እንጂ እንደተዘጋ እያለ አይደለም። ፑንቲናው ተጣብቆ ከቀረ መኪናው አይነሳም፣ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ቦቢናው ይግላል። የናቲ ትራንስፎርመር የደረሰበት ይኸው ነው። ዛሬ ፑንቲናውን ትራንዚስተር ተክቶታል፣ ሥራው ግን ያው መቁረጥ ነው።

ደግሞ የዙሩን ነገር ልብ በለው። የቦቢና ዙር ልዩነት በአብዛኛው 1 ለ100 አካባቢ ነው። በዚህ ስሌት 12 ቮልት 1,200 ብቻ ነው የሚሰጥህ፣ ካንዴላ አይዘልም። 20 ሺህና 30 ሺህ የሚመጣው ሲቆረጥ ማግኔቱ በቅጽበት ስለሚወድቅ፣ በ12 ቮልቱ ጥቅልል ላይ ራሱ ከ200 እስከ 300 ቮልት ስለሚወለድ ነው። *እሱ* ነው በ100 የሚባዛው።

አሁን ወደ ናቲ። ሁለቱን ጥቅልሎች በኦም ለካህ? ከግድግዳውም ከባትሪውም ነቅለህ ለካና ንገረኝ።

---

ናቲ_ሶላር

እሺ ጋሽ። በ220ው በኩል 35 ኦም። በ12ቱ በኩል የቴስተሩን ገመድ ስቀንስ 0.2 አካባቢ ነው።

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

በቃ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ ተመለሰ። የባትሪህን 12.6 ቮልት ለ0.2 ኦም ስታካፍለው ከ60 አምፔር በላይ ነው። ገመድህና ማያያዣህ ቀንሰውት 40 ቢሆን እንኳ ያ ሽቦ የተሠራው ለ4 አምፔር ነው። ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ነው የሚያድገው። በ4 አምፔር ሽቦው ላይ የሚባክነው 3 ዋት ገደማ ነው። በ40 ግን 320 ዋት። በአንድ ጡጫ በሚያህል ዕቃ ውስጥ የውሃ ማፍያ እንደማስገባት ነው።

ያንኑ 12 ቮልት ከሌላ ትራንስፎርመር በኤሲ ብትሰጠው ግን ምንም ሳይጫንበት ግማሽ አምፔር እንኳ አይስብም። ሽቦው ያው፣ ቮልቱ ያው፣ 0.2 ኦሙም ያው ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ኤሲ ሲሆን ማግኔቱ ያለማቋረጥ መለዋወጡ ነው። የሚለዋወጥ ማግኔት ደግሞ በሁለተኛው ጥቅልል ብቻ ሳይሆን በራሱ በገቢው ጥቅልልም ላይ ቮልቴጅ ይወልዳል። ያ ቮልቴጅ ከገባው ጋር ይጋፋል። 12 ሲገባ 12 ሊሞላ ምንም ያልቀረው በተቃራኒው ይገፋል። አምፔር ለመግፋት የሚተርፈው እንጥፍጣፊ ነው። ትራንስፎርመርን ከመቃጠል የሚያድነው የሽቦው ኦም አይደለም፣ ይህ መጋፋት ነው። በዲሲ የሚጋፋ የለም። ባዶ መዳብ ብቻ ይቀራል።

---

መምህርት_ፊዚክስ

ጋሽ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ባትሪው በተገናኘባት ቅጽበት ትራንስፎርመሩ *ሠርቷል*። ማግኔቱ ከዜሮ ተነስቶ ሲያድግ በ220ው በኩል ወደ 200 ቮልት ወጥቷል። እስከመቼ? በዚህ መጠን ባለ ትራንስፎርመር ለ5 ሚሊ ሰከንድ ያህል፣ ቢረዝም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ ይጠግባል። ማግኔቱ ማደግ ያቆማል፣ መጋፋቱ ይጠፋል፣ አምፔሩ ሽቅብ ይወጣል።

ኤሲ የሚያደርገው ብረቱ ከመጥገቡ በፊት አቅጣጫ መቀየር ነው። በእኛ 50 ኸርዝ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ይገለበጣል። ሞላ ሲባል ይመለሳል፣ ወደ ሌላው ጎን ሊሞላ ሲል እንደገና ይመለሳል። ስለዚህ "ኤሲ ያስፈልጋል" ማለት ብቻ አይበቃም፣ *በቂ ፍጥነት ያለው* ኤሲ ያስፈልጋል። ዲሲ ማለት ፍጥነቱ ዜሮ የሆነ ኤሲ ነው ብላችሁ አስቡት።

---

ሄለን_ሜሪላንድ

ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ስላለብኝ ነው። ከአሜሪካ ለእናቴ ማደባለቂያ፣ ማይክሮዌቭና ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ልኬ አዲስ አበባ ላይ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትልቅ ትራንስፎርመር ተገዛላቸው። ማደባለቂያው ይሠራል። ማይክሮዌቩ ግን ይጮሃል፣ ከኋላው በጣም ይሞቃል። ሰዓቱ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። እንደገባኝ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ዲሲ እያወጣ ነው ማለት ነው?

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

አይ ሄለን፣ ዲሲ አይደለም። ትራንስፎርመር ዲሲ ሊያወጣ አይችልም። የእናትሽ ትራንስፎርመር ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። በገቢው በኩል ሁለት ዙር ባለበት በወጪው አንድ ዙር አለው፣ ስለዚህ ቮልቱ በግማሽ ይወርዳል። ፍጥነቱን ግን አይነካም። 50 ኸርዝ ከገባ 50 ይወጣል። አሜሪካ 60 ነው።

ሰዓቱ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ጥፋቱ እሱ ነው። 60 የሚቆጥር ሰዓት 50 ብቻ ስለሚያገኝ ነው። ማደባለቂያው ካርቦን ያለው ሞተር ስለሆነ ግድ የለውም።

ማይክሮዌቩ ግን ውስጡ የራሱ ትራንስፎርመር አለው፣ የተጠመጠመውም ለ60 ነው። በ50 ሲሠራ እያንዳንዱ ግልባጭ ስለሚረዝም ብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔት በ20 በመቶ ይበልጣል። አምራቾች ደግሞ ብረትና መዳብ ስለሚቆጥቡ መጀመሪያውኑ ጫፍ ላይ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ይጠግባል፣ ይጮሃል፣ ይሞቃል። መምህርቷ ያለችው ነው፣ ወደ ዲሲ አንድ እርምጃ ተጠግቷል። እኔ ብሆን ማይክሮዌቩን አልጠቀምበትም ነበር።

---

ሄለን_ሜሪላንድ

አመሰግናለሁ ጋሼ። የፀጉር ማድረቂያ ልልክ ነበር፣ እሱስ? 1875 ዋት ይላል።

---

አቤል_ኤሌክትሪክ

ሄለን፣ ትራንስፎርመሩ ላይ ስንት ዋት ተጽፏል? ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ ያለው 500 ወይም 1000 ነው። ዙሩ ቮልቱን ያስተካክልልሻል፣ አቅሙን ግን አይጨምርልሽም። እዚሁ የ220ውን ይግዙላቸው።

---

ናቲ_ሶላር

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ቀረ። የዙሩ ሕግ ወደ ኋላም ይሠራል ወይስ አይሠራም? ደግሞ የእኔ ለምን 13 እንደሚሰጥ ማወቅ እፈልጋለሁ። ዙሩን ሳልፈታው መቁጠር ይቻላል?

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

ይቻላል፣ የአንተ ቀለበት ስለሆነ ደግሞ በጣም ቀላል ነው። ጥሩ ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን ሽቦ ውሰድ። በቀለበቱ ቀዳዳ አስገብተህ ከነባሩ ጥቅልል ላይ 10 ጊዜ ጠምጥም። የ220ውን ጫፎች በደንብ ሸፍናቸው። ከዚያ ግድግዳ ላይ ሰካውና የአንተን የ10 ዙር ሽቦ ሁለት ጫፎች በኤሲ ቮልት ለካ። ስንት እንደሚያነብ ጻፍልኝ።

---

ናቲ_ሶላር

ፊውዙ መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፣ በኋላ እነግራችኋለሁ። ለካሁት፣ 2.0 ቮልት ነው። የግድግዳው 220 ነው።

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

10 ዙር 2 ቮልት ከሆነ አንድ ዙር 0.2 ቮልት ነው። ጠምጣሚ ሁሉ የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው፣ ቮልት በዙር። በዚያ ብረት ላይ ያለ ማንኛውም ዙር፣ የገቢው ይሁን የወጪው፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ አንተ አሁን የጠመጠምከውም ጭምር፣ እኩል 0.2 ቮልት ይይዛል። ምክንያቱም ሁሉም ያንኑ ማግኔት ነው የከበቡት።

ስለዚህ የ220ው ጥቅልል 220 ለ0.2 ሲካፈል 1,100 ዙር ነው። 13 ቮልቱ ደግሞ 65 ዙር። ሌላ ምስጢር የለውም።

```
V2 = V1 × N2 ÷ N1
220 × 65 ÷ 1100 = 13
```

ለምን 60 ዙር አድርጎ ልክ 12 አላወጣም? 4 አምፔር ሲጫንበት በ0.2 ኦሙ ላይ 0.8 ቮልት ይጠፋል። በ220ው ሽቦ ላይ የሚጠፋውም ተሸጋግሮ ግማሽ ቮልት ያህል ይቀንሳል። 13 ሲቀነስ 1.3 ወደ 11.7 ነው፣ ሲጫን 12 አካባቢ ላይ እንዲያርፍ አምራቹ 5 ዙር ጨምሮበታል። የዙሩ ቀመር ባዶውን ትራንስፎርመር ነው የሚነግርህ፣ ጭነት ሲመጣ ሽቦው ድርሻውን ይወስዳል።

ወደ ኋላም ይሠራል፣ አዎ። ግን እነዚያ 5 ትርፍ ዙሮች አሁን ይከፍሉሃል። 12 ቮልት *ኤሲ* በ65 ዙር ብትሰጠው አንድ ዙር 0.185 ነው፣ በ1,100 ስታባዛው 203። 220 አይደርስም፣ ሲጫንበት ደግሞ ይወርዳል።

---

ናቲ_ሶላር

በጣም ግልጽ ሆነልኝ። ታዲያ ባትሪውን እየቆራረጥኩ ብሰጠው? እንደ ፑንቲና?

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

መቆራረጥ ብቻ አይበቃም፣ መገልበጥ አለበት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከገፋኸው ማግኔቱ በእያንዳንዱ ግፊት እየተጠራቀመ ይጠግባል። ኢንቨርተር የሚያደርገው ይህ ነው። አራት ትራንዚስተር ይዘህ ሁለቱ ባትሪውን በአንድ አቅጣጫ ያገናኙታል፣ ሌሎቹ ሁለቱ በተቃራኒው፣ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ እየተፈራረቁ። ብረቱ ኤሲ ይሁን የተገለበጠ ባትሪ አያውቅም።

በዚህ ብረት ላይ እኔ ብጠመጥም ባትሪው ሲጫን ከትራንዚስተሮቹ ጋር 11 ቮልት ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። 220 ለማግኘት 20 እጥፍ ያስፈልጋል። 1,100 ለ20 ሲካፈል 55 ዙር። በሽቦው የሚጠፋውን ለማካካስ 50 ዙር አደርገው ነበር። ማለትም ከ65ቱ 15 ዙር መፍታት። እዚህ ላይ ዙር *ስትቀንስ* ነው የሚወጣው ቮልት የሚጨምረው፣ ምክንያቱም አሁን የ12ቱ በኩል ገቢው ሆኗል። ግን ዙር በቀነስክ ቁጥር ለብረቱ የሚሰጠው ማግኔት ይበዛል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከ50 ኸርዝ በታች እንዳታወርደው። ደግሞ 50 ቪኤ ነው፣ አምፖልና ስልክ እንጂ ቴሌቪዥን ላይ አታስበው።

---

መኪና_ሐኪም

ስለ ቦቢናው ተቀብያለሁ። ግን ቦቢና በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየተቆረጠ እኮ ነው የሚሠራው፣ አይገለበጥም። እሱ ለምን አይጠግብም?

---

መምህርት_ፊዚክስ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቦቢና በሁለቱ ተኩስ መሀል ማግኔቱ ሙሉ በሙሉ እንዲወድቅ ጊዜ ያገኛል፣ ብረቱም እንደ ናቲ የተዘጋ ቀለበት ሳይሆን በመሀሉ ክፍተት ያለው ነው። ክፍተቱ ማግኔቱ ቶሎ እንዳይጠግብ ያደርገዋል። የተዘጋ ቀለበት ግን ለአንድ አቅጣጫ ምንም ትዕግሥት የለውም።

---

ናቲ_ሶላር

የፊውዙን ነገር ልንገራችሁ። ከባትሪው ነቅዬ ግድግዳ ላይ መልሼ ስሰካው ግማሽ አምፔሩ ፊውዝ ወዲያው ተቃጠለ። ሌላ ቀየርኩ፣ ያኛው ያዘ። አሁን ይሠራል፣ 13 ይሰጣል። ጥቅልሉ ተበላሽቷል ማለት ነው?

---

አቤል_ኤሌክትሪክ

ቫርኒሹ ከተቃጠለ ዙር ከዙር ተነካክቷል ማለት ነው። ጣለው።

---

መምህርት_ፊዚክስ

ግዴለም፣ ሌላ ምክንያትም አለ። በዲሲ የተሞላ ብረት ሲነቀል ማግኔቱ ሁሉ አይለቅም፣ የተወሰነው ይቀራል። ቀለበት ላይ ይህ ይብሳል። ስትሰካው ግድግዳው በዚያው አቅጣጫ ከጀመረ ወዲያው ይጠግባል፣ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ አምፔሩ ይዘላል፣ ፈጣን ፊውዝ አይችለውም። ሁለተኛው ፊውዝ መያዙ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ዙር ከዙር ተነካክቶ ቢሆን ሁለተኛውም ይቃጠል ነበር።

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ በግምት አይታወቅም። ናቲ፣ ባለ ክር 60 ዋት አምፖል ከ220ው ጋር በሴሪ አድርግ። በወጪው ምንም አታገናኝ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ጥሩ ነው። እየበራ ከቀረ የተነካካ ዙር አለ። ኤልኢዲ አምፖል እንዳትጠቀም፣ አይነግርህም።

---

ናቲ_ሶላር

ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ አምፖሉን አውጥቼ ያለ ጭነት አንድ ሰዓት ተውኩት፣ ለብ ብሏል እንጂ አይግልም። 3 አምፔር ስጭንበት ግን ያ ሽታ ይመጣል።

---

መምህርት_ፊዚክስ

ያለ ጭነት ካልጋለ ዙሩ ደህና ነው። ሽታው ቀደም ሲል የተቃጠለው ቫርኒሽ ሲሞቅ የሚሰጠው ቅሪት ይመስለኛል። በግማሽ ጭነት ልትጠቀምበት ትችላለህ።

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

እኔ አልስማማም። በብርድ የሚይዝ ቫርኒሽ በሙቀት የሚከዳበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የአምፖሉ ሙከራ ደግሞ ቀዝቃዛ እያለ ነው የተደረገው። 3 አምፔር ጭነህ በደንብ ካሞቅከው በኋላ ጭነቱን አንሳና ሳይቀዘቅዝ አምፖሉን ድገመው። ያኔም ብልጭ ብሎ ከጠፋ የ12ቱን ጥቅልል ብቻ ፈትተህ 50 ዙር በአዲስ ሽቦ ጠምጥም፣ የ220ውን አትንካው። ከበራ ግን ለብረቱ ብቻ አስቀምጠው።

---

ናቲ_ሶላር

እሺ ጋሽ፣ ነገ ሞቆ እያለ እሞክረውና ውጤቱን እዚሁ አስቀምጣለሁ። የ50 ዙሩ ሽቦ ውፍረት ስንት ይሁን?

---

ጋሽ_ጠምጣሚ

ከፈታኸው አይነስ። ቦታ ካለህ አንድ ደረጃ ወፍራም አድርገው፣ በባትሪ በኩል 5 አምፔር ይሄድበታል።